በኢንፔይንቲንግ የተሞላን ቦታ ከሬንደሩ ጋር ስፌቱ ሳይታይ የማዋሐድ አሠራር

ኢንፔይንቲንግ ማለት የምስልን አንድ ክፍል በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል አዲስ ነገር መሙላት ነው፤ በዚህ መንገድ የተሞላውን ቦታ ልጥፍ እንለዋለን። ለምሳሌ የምንወስደው በደብረ ብርሃን ዳርቻ ሊሠራ የታሰበ የእንግዳ ማረፊያ ሬንደር ነው። ምስሉ በብሌንደር የተሠራ ሲሆን መጠኑ 2400 በ1350 ፒክስል ነው። ግቢው በጥርብ ድንጋይ የታጠረ ሆኖ በግራ በኩል የብረት በር አለው። ባለቤቱ በሩ ወደ ሌላ ወገን እንዲዞርና ይህ ቦታ በድንጋይ እንዲዘጋ ጠይቀዋል። በሩ የነበረበት ቦታ 380 በ520 ፒክስል ያህል ሲሆን፣ የላይኛው ሲሶ የዘበኛ ቤቱ ክፈፍ ጥላ ያረፈበት፣ የቀረው ደግሞ የቀትር በኋላ ፀሐይ የሚመታው ነው። ምሳሌው የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ልጥፉ ፀሐይንና ጥላን አንድ ላይ ሲይዝ፣ ለስላሳ ልስን ላይ የማይታዩ ጉድለቶች ሁሉ ይገለጣሉ።

በቅድሚያ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የብሌንደሩ ፋይል በእጅዎ ካለና ሬንደር ለማድረግ ጊዜና መብራት ካለዎት፣ ግድግዳውን በሕንፃው የብሌንደር ሞዴል ላይ ሠርቶ ያንን ቁራጭ ብቻ እንደገና ሬንደር ማድረግ ከማንኛውም ልጥፍ ይሻላል። ይህ መመሪያ የሚጠቅመው ፋይሉ ከሌላ ባለሙያ ዘንድ ሲቀር፣ ወይም የቀረው ጊዜ ለሬንደር የማይበቃ ሲሆን ነው።

አብዛኛው ሰው ስፌት ሲታየው በመጀመሪያ የሚያደርገው የሚሞላውን ቦታ የሚከልለውን የማስኩን ጠርዝ ማለስለስ ነው። ይሁን እንጂ ልጥፍ ከዙሪያው የሚለየው ብዙ ጊዜ በጠርዙ ሳይሆን በውስጡ ነው። ብርሃኑ፣ የጠርዞቹ ጥራትና ግሬኑ፣ ማለትም በምስሉ ላይ የተበተነው የጥቃቅን ነጥቦች ሸካራነት፣ ሦስቱም ተለያይተው ሳለ ማስኩን ማለስለስ ልዩነቱን ከመስመር ወደ ሰፊ ቀበቶ ይለውጠዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል፦ መጀመሪያ ብርሃን፣ ቀጥሎ የጠርዝ ጥራት፣ ከዚያ የማስኩ ጠርዝ፣ በመጨረሻ ግሬን። ቅደም ተከተሉ የዘፈቀደ አይደለም። ግሬን ከተጨመረ በኋላ ምስሉን ማደብዘዝ ግሬኑን ያጠፋዋል፤ ብርሃኑ ሳይስተካከል ግሬኑን መለካትም የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል፤ ምክንያቱም የግሬኑ መጠን ከብርሃኑ ጋር ይለዋወጣል።

ለልጥፉ መዘጋጀት

ግሬን በመጨረሻ የተጨመረበት ሬንደር ከሆነ ግሬኑ ከመጨመሩ በፊት የነበረውን ፋይል ይፈልጉ። እሱ ከተገኘ የሥራው ግማሽ ቀለለ ማለት ነው፤ ልጥፉን ግሬን በሌለው ምስል ላይ አዋሕደው በመጨረሻ ግሬኑን ለመላው ምስል በአንድ ጊዜ ይጨምሩታል። በምሳሌያችን ግን ያለው የተጠናቀቀው ፒኤንጂ ብቻ እንደሆነ እንቁጠር፤ በተግባር የሚያጋጥመውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ከምስሉ ላይ በሩን መሐል አድርጎ 1024 በ1024 የሆነ ካሬ ይቁረጡ። ቦታውን የሚሞላው ሞዴል ኤስዲኤክስኤል የሠለጠነው በዚህ መጠን ስለሆነ ቁራጩ ሳይሰፋም ሳይጠብም ይገባል፤ ይህም በኋላ በጠርዝ ጥራት ላይ የሚመጣውን ችግር አብዛኛውን ያስቀራል። በ512 ተሠርቶ ወደ 1024 የተሳበ ልጥፍ ሁልጊዜ የደበዘዘ ይሆናል፤ በትልቁ ተሠርቶ የተጨመቀው ደግሞ ከዙሪያው በላይ ይጠራል። በድረ ገጽ መልክ የሚከፈተውን የ`AUTOMATIC1111` ገጽታ ለኢንፔይንቲንግ የሚጠቀሙ ሰዎች ይህን ስህተት የሚፈጽሙት ሳያውቁት ነው፤ `Only masked` የሚለው ምርጫ ቁራጩን በራሱ አስፍቶ ይሠራና መልሶ ወደ ቦታው ያጠበዋል።

ማስኩ ሲሣል በሩን ብቻ በአራት ማዕዘን አይክበቡት። መስመሩ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ላይ እየተጠማዘዘ ቢሄድ ይመረጣል፤ መጋጠሚያው ራሱ ጨለም ያለ መስመር ስለሆነ ስፌቱ እዚያ ውስጥ ይደበቃል። ድንጋይን ከመሐሉ የሚቆርጥ ማስክ ግን ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ የሆነ ድንጋይ ይፈጥራል፤ ያንን ደግሞ ግንበኛ ቀርቶ ማንም ሰው ያየዋል።

ከዚያ በሩ ያለበትን ቦታ በብሩሽ በሻካራው ይቀቡ፦ ከላይ የጥላውን ቀለም፣ ከታች የፀሐዩን ቀለም፣ በመካከላቸው የጥላውን መስመር ከግራና ከቀኝ ካለው እውነተኛ መስመር ጋር አገናኝተው። ሞዴሉ ይህን ረቂቅ ተከትሎ እንዲሠራ በ`ComfyUI` ውስጥ `Set Latent Noise Mask` የሚለውን ይጠቀሙና ሞዴሉ ያለውን ምስል ምን ያህል እንደሚለውጥ የሚወስነውን `denoise` 0.55 አካባቢ ያድርጉት። `VAE Encode (for Inpainting)` የሚለው በማስኩ ውስጥ ያለውን ቀለም ስለሚያጠፋ የቀቡት ረቂቅ ዋጋ ያጣል፤ እሱ የሚስማማው `denoise` 1.0 ሆኖ ከባዶ ሲሠራ ነው። የብርሃን አቅጣጫ የሚስተካከለው እዚህ ደረጃ ላይ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ሞዴሉ ፀሐይን ከቀኝ አድርጎ የድንጋዮቹን ጥላ ወደ ግራ ቢጥልና ሬንደሩ ግን ተቃራኒው ቢሆን፣ ምንም ዓይነት የቀለም ማስተካከያ አያድነውም፤ ልጥፉን መጣልና እንደገና መሥራት ነው።

ዋናውን ምስል መልሶ ማስቀመጥ

ሞዴሉ የሚመልሰው ምስል ከማስኩ ውጭ ያለው ክፍልም ቢሆን እንደነበረው አይደለም። ምስሉ ቪኤኢ በተባለው የሞዴሉ መጭመቂያ ክፍል ውስጥ ሲገባ በየአቅጣጫው 8 እጥፍ አንሶ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ስለሚሰፋ፣ ማንም ያልነካው ድንጋይ እንኳ ቀለሙ በጥቂቱ ይዘዋወራል፤ ግሬኑም ይለወጣል። ስለዚህ የተመለሰው ካሬ እንዳለ በሬንደሩ ላይ መለጠፍ የለበትም። ጊምፕ በተባለው የምስል ማረሚያ ዋናውን ሬንደር ከታች፣ የተመለሰውን ካሬ ከላይ በትክክለኛ ቦታው አስቀምጠው ለላይኛው ሌየር የማስኩን ቅርጽ ይስጡት፤ ከማስኩ ውጭ ያለው ሁሉ ዋናው ሬንደር ይሁን። ለጊዜው የማስኩ ጠርዝ ያልተለሰለሰ ይሁን። ስፌቱ ጎልቶ መታየቱ በዚህ ደረጃ የሚፈለግ ነው፤ ምን እንደሚስተካከል የሚነግረን እሱ ነው።

ብርሃኑን ማስተካከል

የጊምፕ `Histogram` መስኮት የመረጡትን ቦታ አማካይ ዋጋ በየቀለሙ ያሳያል። ከስፌቱ ወዲህና ወዲያ 60 በ60 ፒክስል የሚያህል ቦታ እየመረጡ `Mean` የሚለውን ቁጥር ይመዝግቡ። አንድ ድንጋይ ብቻ መምረጥ አያስተማምንም፤ ድንጋዮቹ በቀለም ስለሚለያዩ ምርጫው ከነመጋጠሚያቸው በርካታ ድንጋዮችን መያዝ አለበት። መለኪያው በፀሐዩና በጥላው ክፍል ለየብቻ ይወሰዳል።

በምሳሌያችን በፀሐይ በኩል ሬንደሩ ቀይ 171፣ አረንጓዴ 154፣ ሰማያዊ 131 ሲሰጥ፣ ልጥፉ 174፣ 155፣ 127 ሰጠ እንበል። ይህ ትንሽ ልዩነት ነው። በጥላው በኩል ግን ሬንደሩ 74፣ 76፣ 80 ሲሆን ልጥፉ 79፣ 77፣ 74 ነው። ልብ ብለን ካየነው በሬንደሩ ጥላ ውስጥ ሰማያዊው ከቀዩ ይበልጣል፤ በልጥፉ ውስጥ ተገላብጧል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ጥላውን የሚያበራው ደግሞ በዋናነት ከላይ ያለው ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ሬንደሩን የሠራው ሰው በብሌንደር ሰማይ ላይ `Altitude` የሚለውን በዚያ ከፍታ ካስተካከለው ጥላው ሰማያዊ ቢያደላ አይደንቅም። ሞዴሉ ግን ድንጋይን ሲሥል ወደ ቡናማ ጥላ ያዘነብላል።

ልዩነቱ በፀሐዩና በጥላው እኩል ስላልሆነ መላውን ልጥፍ በአንድ ጊዜ ማብራት ወይም ማጨለም አይሠራም። `Colors > Curves` ይክፈቱና ለእያንዳንዱ ቀለም ሁለት ነጥብ ያስቀምጡ። በቀዩ መስመር ላይ 174 ወደ 171፣ 79 ወደ 74 ይወርዳል፤ በሰማያዊው ላይ 127 ወደ 131፣ 74 ወደ 80 ይወጣል፤ አረንጓዴው በ1 ብቻ ይወርዳል። ከዚያ እንደገና ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ1 ወይም ከ2 በታች ሲሆን ይቁሙ። ድንጋዩ ራሱ ከዚያ በላይ ስለሚለያይ ከዚህ ወዲያ መድከም ትርጉም የለውም።

ይህ የቀለሙን መጠን እንጂ የጥላውን ጠርዝ አያስተካክልም፤ በዚህ ምስል ላይ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያጋልጠውም ይኸው ጠርዝ ነው። የፀሐይ ክብ ከምድር ሲታይ 0.53 ዲግሪ ያህል ስፋት ስላለው፣ የጥላ ጠርዝ ምን ያህል ለስላሳ እንደሚሆን በሂሳብ ይታወቃል፤ ጥላ ጣዩ አካል ከግድግዳው ያለው ርቀት በ0.0093 ሲባዛ የጠርዙ ስፋት ይገኛል። ክፈፉ በፀሐዩ ጨረር አቅጣጫ ከግድግዳው 2 ሜትር ቢርቅ ጠርዙ 1.9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በምስላችን 1 ሜትር ግድግዳ 90 ፒክስል ስለሚይዝ፣ ጠርዙ ከ2 ፒክስል መብለጥ የለበትም ማለት ነው። ሞዴሉ ግን እንደ ደመናማ ቀን አድርጎ 10 ፒክስል ያለሰልሰዋል። እንዲህ ያለውን ማደስ ቀላል ነው። የጥላውን መስመር ከግራው እስከ ቀኙ እውነተኛ መስመር በ`Free Select` ይምረጡ፤ ከመስመሩ በላይ ያለውን በ`Curves` ወደ ጥላው ዋጋ፣ ከመስመሩ በታች ያለውን ወደ ፀሐዩ ዋጋ ያምጡ፤ የምርጫውን ጠርዝ 1 ፒክስል ብቻ ያለስልሱት። መስመሩ ድንጋዩ ወጣ ባለበት ቦታ ትንሽ መታጠፍ አለበት፤ በማስመሪያ የተሠመረ የመሰለ ጥላ በጥርብ ድንጋይ ላይ አያርፍም።

ሌላው መታየት ያለበት በግድግዳው ላይ ቀስ እያለ የሚለወጠው ብርሃን ነው። ግድግዳው ወደ መሬት ሲጠጋ፣ ወይም ወደ ማዕዘኑ ሲቃረብ ይጨልማል፤ ልጥፉ ግን ብዙ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው። ይህን ለማየት `New from Visible` ብለው የሁሉንም ቅጂ ይውሰዱና በ`Gaussian Blur` 60 ፒክስል አደብዝዘው ንፅፅሩን ይጨምሩበት። ድንጋዮቹ ሁሉ ይጠፉና ብርሃኑ ብቻ ይቀራል፤ ልጥፉ ካልተስማማ እንደ እድፍ ይታያል። መፍትሔው ከልጥፉ በላይ በ`Multiply` የተቀመጠ ሌየር ላይ ከነጭ ወደ ስስ ግራጫ የሚሄድ ግራዲየንት መሳብ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ የሚሠራ መንገድ የለም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። በ2003 በታተመ ጥናት የቀረበውና ኦፕንሲቪ በተባለው የምስል ማቀነባበሪያ የኮድ ስብስብ ውስጥ `seamlessClone` ተብሎ የሚገኘው የፖይሰን ማዋሐጃ በዙሪያው ያለውን ቀለም ወደ ውስጥ እያሰራጨ ስፌቱን ያጠፋል። ለሰማይ፣ ለልስን፣ ለሣር መልካም ነው። እዚህ ግን ማስኩ የጥላውን መስመር አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ በጠርዙ ላይ ልጥፉና ሬንደሩ ጥቂት እንኳ ካልተገጣጠሙ የጥላው ጨለማ ወደ ፀሐዩ ክፍል ይፈስሳል። በእጅ መሥራቱ ይመረጣል።

የጠርዝ ጥራት

አሁን ምስሉን ወደ 800 ከመቶ አቅርበው ከሬንደሩ አንድ የድንጋይ ጠርዝ፣ ከልጥፉም በተመሳሳይ ርቀት ላይ ያለ ሌላ ጠርዝ ይምረጡ። ከጨለማው ወደ ብርሃኑ ለመድረስ ስንት ፒክስል እንደሚወስድ ይቁጠሩ። የብሌንደር ሬንደር ማድረጊያ የሆነው ሳይክልስ በነባሪ ቅንብሩ 1.5 ፒክስል ስፋት ያለው ማጣሪያ ስለሚጠቀም፣ የሬንደሩ ጠርዝ ብዙውን ጊዜ በ2 ፒክስል ውስጥ ያልቃል። ልጥፉ 3 ወይም 4 ከወሰደ `Sharpen (Unsharp Mask)` በ`Radius` 0.8 በመጠኑ ይስጡት፤ በጠርዙ ዳር ነጭ ክር ከታየ አልፏል ማለት ነው። ልጥፉ ከሬንደሩ የሚጠራ ከሆነ ደግሞ ከ0.4 እስከ 0.6 የሆነ `Gaussian Blur` ይበቃል።

ይሁን እንጂ ጠርዞቹ እኩል ሆነው ልጥፉ አሁንም «የተለየ» የሚመስልበት አጋጣሚ አለ። ሬንደሩ በኦፕን ኢሜጅ ዲኖይዝ የጸዳ ከሆነ፣ ማጽጃው ጠርዞችን ጠብቆ የድንጋዩን ፊት ሸካራነት ግን ያለሰልሰዋል፤ ሞዴሉ ደግሞ በእያንዳንዱ ድንጋይ ፊት ላይ ጥቃቅን ጭረትና ነጠብጣብ ይሞላል። እንዲህ ሲሆን ተራ ማደብዘዝ ጠርዙንም ስለሚያበላሽ `Selective Gaussian Blur` ይሻላል፤ `Max. delta` የሚለውን ዝቅ አድርጎ መጀመርና ጭረቱ ሲጠፋ፣ መጋጠሚያው ግን ሳይነካ ሲቀር ማቆም ነው።

የማስኩ ጠርዝ

በዚህ ደረጃ ስፌቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የቀረው ማስኩን በ1 ወይም በ2 ፒክስል ማለስለስ ነው። በድንጋይ ላይ 20 ፒክስል ማለስለስ ሁለት የተለያዩ ድንጋዮችን አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ የሚያሳይ ብዥታ ይፈጥራል። መጋጠሚያው በልጥፉና በሬንደሩ ካልገጠመ ማለስለስ መፍትሔ አይሆንም፤ በ`Clone` መሣሪያ መጋጠሚያውን በእጅ ማስቀጠል ይገባል። አንድ ከመንዝ የመጡ ግንበኛ እንዲህ ያለ ሥዕል ሲያዩ ቀለሙን ሳይሆን ድርድሩን ነው የተቹት፤ «እዚህ ጋ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሳይረግጥ ቀረ» አሉ። ሬንደሩን የሚያዩት ሰዎች ግንብ የሚያውቁ ከሆኑ ይህ ከግሬኑ ይቀድማል።

ግሬን

ግሬኑን አስመስሎ ከመፍጠር ከራሱ ከሬንደሩ መውሰድ ይበልጣል፤ መጠኑም ቅንጣቱም በራሱ ይስማማል። በጊምፕ ለዚህ የተሠሩ ሁለት የሌየር ዘዴዎች አሉ። የሬንደሩን ሌየር ያባዙና ቅጂውን በ`Gaussian Blur` 3 ፒክስል ያደብዝዙት፤ የቅጂውን ዘዴ `Grain extract` ያድርጉና ሌሎቹን ሌየሮች ደብቀው `New from Visible` ይበሉ። የሚገኘው ሌየር አማካዩ 128 የሆነ ግራጫ ሲሆን በላዩ ግሬኑ ብቻ አለ። ነገር ግን የድንጋዩ ክፍል ላይ ሸካራነቱም አብሮ ስለሚወጣ፣ ግሬኑ መቀዳት ያለበት ለስላሳ ከሆነ ቦታ ነው፤ በምሳሌያችን የማረፊያው የተለሰነ ግድግዳ ፀሐይ ያረፈበትም ጥላ ያረፈበትም ክፍል ስላለው ሁለቱንም ይሰጣል።

ከልስኑ የተቀዳውን ቁራጭ በልጥፉ ላይ አስቀምጠው ዘዴውን `Grain merge` ያድርጉት፤ ከፀሐዩ የተወሰደው በፀሐዩ ክፍል፣ ከጥላው የተወሰደው በጥላው ክፍል ይሁን። ትንሽ ቁራጭ ደጋግሞ መደርደር በሩቁ ጥለት ሆኖ ይታያል፤ ቁራጩ ካነሰ እያዞሩ መለጠፍ ይሻላል። ልጥፉ የራሱ ጥቂት ግሬን ካለውም የሚጨመረው መጠን በቀጥታ አይቀነስም፤ የሚቀነሰው በካሬው ነው። ሬንደሩ በ`Histogram` መስኮት `Std. dev.` 4 ቢያሳይና ልጥፉ 2 ቢኖረው፣ የሚጎድለው 2 ሳይሆን የ16 እና የ4 ልዩነት ካሬ ሥር፣ ማለትም 3.5 ያህል ነው። የግሬኑን ሌየር `Opacity` በዚያ ልክ ዝቅ ያድርጉት፤ እዚህ 3.46 ለ4 ተካፍሎ 87 ከመቶ ይሆናል።

በማስኩ ለስላሳ ጠርዝ ላይ ደግሞ ጥቂቶች ብቻ የሚያስተውሉት ነገር ይከሰታል። እዚያ ግማሹ ሬንደር ግማሹ ልጥፍ ነው፤ ሁለት የማይገናኙ ግሬኖች በግማሽ በግማሽ ሲደባለቁ ደግሞ ውጤቱ ወደ 71 ከመቶ ይወርዳል። ስለዚህ በልጥፉ ዙሪያ ከሁለቱም ወገን ይልቅ የለሰለሰ ቀጭን ቀለበት ይቀራል፤ ብርሃኑም ጥራቱም ልክ ሆነው ሳለ «የሆነ ነገር አለ» የሚያሰኘው ይህ ቀለበት ነው። ግሬኑ በራሱ ሌየር ላይ እንዲቀመጥ ያደረግነውም ለዚህ ነው። የግሬኑን ማስክ ከልጥፉ ማስክ በ1 ወይም በ2 ፒክስል ወደ ውጭ ቢያሰፉት ቀለበቱ ይሞላል።

መፈተሻው

ሁሉንም ሌየር የያዘ ቅጂ ይውሰዱና በ`Curves` መስመሩን ወደላይና ወደታች ደጋግሞ እንዲወዛወዝ አድርገው ያጠማዝዙት። ምስሉ ያብዳል፤ ልጥፉ ካልተስማማ ግን ቅርጹ ወዲያውኑ ይወጣል። ከዚያ የሰማያዊውን ቀለም ብቻ ለይተው ይዩ፤ ግሬን ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይበረታል፤ የቀለም ስህተትም መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። በመጨረሻ ምስሉን ወደ 25 ከመቶ ያሳንሱት፤ በዚህ መጠን ግሬንና ጠርዝ ስለሚጠፉ የሚታየው እድፍ የብርሃን ነው፤ በ100 ከመቶ ብቻ የሚታየው ደግሞ የጥራት ወይም የግሬን ነው። የትኛው እንደሆነ ካወቁ ወደዚያው ደረጃ ብቻ ይመለሱ፤ የብርሃኑን ደረጃ ከነኩ ግን ግሬኑን እንደገና መለካት አይቀርም።

ምስሉ በጄፔግ የሚላክ ከሆነ ፍተሻው ከተጨመቀ በኋላም አንድ ጊዜ ይደገም። ጭመቃው በ8 በ8 ፒክስል ሳጥን ስለሚሠራ ጥራቱ ሲቀንስ ስሱን ግሬን ከአንዱ ወገን ነቅሎ ሊያስቀርና የተደበቀውን ልጥፍ መልሶ ሊያወጣው ይችላል። ለባለቤቱ በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ ፎቶ ተደርጎ የተላከው እንደገና ይጨመቃል፤ መጠኑም ሊቀንስ ይችላል።